«የቱን እንከተል?»፦ ስለ አንድ ኮሪደር ኮርኒስ ለተቋራጭ የተሰጠ መልስ

(ጅማ ላይ በተደረገ የግንባታ ባለሙያዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ከጥቂት እርማት በቀር እንደተነገረ የተጻፈ)

ክቡራንና ክቡራት፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አደራችሁ! አካም ቡልተን! በዚህ ዝናብ፣ በዚህ ጭቃ ሳይት ጥላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከኋላ የተቀመጣችሁ ይሰማል? ካልተሰማ እጅ አውጡ፤ ማይኩን እንደ ሳይቱ ጄኔሬተር አላምነውም።

አዘጋጆቹ «ስለ ዲዛይን መናበብ ንገረን» አሉኝ። ሰፊ ነው። እኔ ግን አንድ ደብዳቤ ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። እዚሁ ጅማ በሚሠራ አንድ የሕክምና ሕንፃ ላይ ተቋራጩ የጻፈው የመረጃ ጥያቄ ነው፤ ሁላችንም አር.ኤፍ.አይ. የምንለው። የሕንፃውንም የተቋራጩንም ስም አልጠራም። እኔ የአማካሪው ተጠሪ መሐንዲስ ሆኜ መልሱን የጻፍኩት ሰው ነኝ። ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ፦ ጥያቄው ምን ነበር፣ ቁጥሩ ከየት መጣ፣ መልሱ እንዴት ተጻፈ። መካከለኛው ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ታገሡኝ።

መጀመሪያ ጥያቄው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስፋቱ 2.40 ሜትር የሆነ ረጅም ኮሪደር አለ። የአርክቴክቱ የኮርኒስ ፕላን «የኮርኒስ ከፍታ 2.70» ይላል። የዚያው አርክቴክት የሕንፃ ቁራጭ፣ ሴክሽኑ ማለቴ ነው፣ በዚያው ኮሪደር ላይ 2.50 ይላል። የሜካኒካሉ ሥዕል ደግሞ በኮሪደሩ መሐል 60 በ35 ሴንቲ ሜትር የሆነ የአየር ዳክት ያሳልፋል፤ የዳክቱ ሆድ ስንት ላይ እንደሚውል ግን አልጻፈም። ተቋራጩ ምን አለ? «የኮርኒስ ሠራተኞች ገብተዋል፣ የቱን እንከተል?» ከዚያም አንድ ሐሳብ ጨመረ፦ «ሳይት ላይ ለክተናል፤ ከወለል እስከ ቢም ሆድ 3.00 ሜትር አለ። ስለዚህ 2.50 ብንይዝ 50 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል፤ 35ቱ ዳክት በምቾት ይገባል። ይጽደቅልን።»

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ይህ ደብዳቤ ቢደርሳችሁ ስንቶቻችሁ «ጸድቋል» ብላችሁ ትፈርማላችሁ? አትፈሩ፣ እጅ አውጡ። አያችሁ! ጥሩ ደብዳቤ እኮ ነው። ጥያቄ ብቻ ሳይሆን መፍትሔ ይዞ መጥቷል። ሒሳቡም ልክ ይመስላል። ብዙ ጊዜ የሚያስፈርመንም ይኸው ነው፤ ጠያቂው መልሱን ጽፎ ሲያመጣልን ደስ ይለናል።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ቁጥሩ። በዚህ ኮሪደር ላይ የኮርኒስ ከፍታ የሚመረጥ ቁጥር አልነበረም። ከላይ የሚገባው ሁሉ ከገባ በኋላ የሚተርፍ ቁጥር ነበር። ስለዚህ «2.70 ወይስ 2.50?» ተብሎ ሲጠየቅ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ መልስ አይሆንም። ከቢሙ ሆድ ጀምሮ ወደ ታች መቁጠር ነው። ከላይ ወደ ታች! ከወለል ወደ ላይ የቆጠረ ሁሉ የሚያገኘው የሚፈልገውን ቁጥር ነው።

እንቁጠር። ከወለል ወለል 3.60 ሜትር ነው። ይህ የተጠናቀቀ ወለል እስከ ተጠናቀቀ ወለል ነው። የላይኛው ፎቅ ሊሾና ሴራሚክ 10 ሴንቲ ሜትር ይወስዳል፤ የሶሌታው ጀርባ 3.50 ላይ ቀረ። ኮሪደሩን የሚያቋርጡት ቢሞች ከነሶሌታው ውፍረት 60 ናቸው። 3.50 ሲቀነስ 60፣ የቢሙ ሆድ 2.90። ተቋራጩ ግን 3.00 ነው ያለው። ማን ተሳሳተ?

ማንም አልተሳሳተም! ሜትሩን የዘረጋው ልጅ ልክ ነው የለካው፤ የለካው ግን ከጥሬው ኮንክሪት ነው። ሊሾው ገና አልፈሰሰም፣ ሴራሚኩ አልተነጠፈም። እነዚያ 10 ሴንቲ ሜትሮች ነገ ከእግራችን ሥር ይገባሉ። እኔ ሳይት ስወጣ ሁልጊዜ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ «ከየት ለካህ?» ቁጥሩን አልጠይቅም፣ መነሻውን ነው የምጠይቀው። በአምዶቹ ላይ ከሚጠናቀቀው ወለል 1 ሜትር ከፍ ተደርጎ የሚሰመረው መስመር ለዚህ ነው የተሰመረው። ከእሱ ለክቶ 1 ሜትር የጨመረ አይሳሳትም፤ መሬት ላይ ሜትር የረገጠ ይሳሳታል።

ስለዚህ ያለን 2.90 ነው። ተቋራጩ ባለው በ2.50 ብንሄድ፣ ከኮርኒስ በላይ ያለው ቦታ 40 ነው እንጂ 50 አይደለም። ዳክቱ 35። አምስት ቀረ ትላላችሁ። ግን ዳክቱ ራቁቱን አይሄድም። የሙቀት መከላከያ ሽፋኑ በየጎኑ 2.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከላይና ከታች 5። አለቀ! ለማንጠልጠያው ቦታ የለም፣ ለኮርኒሱ ፍሬም ቦታ የለም፣ የቢሙ ፎርምወርክ ትንሽ ቢያረግድ የሚያስታርቅ ቦታ የለም።

በትክክል እንደርድረው። ከ2.90 ላይ 5 ለግንባታ መዛባትና ለመፈናፈኛ ተውን፣ 2.85። ዳክቱ ከነሽፋኑ 40፣ 2.45። ከሥሩ የሚይዘው አግዳሚ ብረት 4፣ 2.41። ከዚያ በታች የኮርኒሱ ፍሬምና ሰሌዳ አለ፤ 60 በ60 የሆነውን ሰሌዳ ወደ ላይ ገፍቶ፣ አዘንብሎ ለማውጣትም ቦታ ይፈልጋል። 11 ያዝን። ኮርኒሱ 2.30 ላይ ዋለ።

2.70 የተባለው ኮርኒስ 2.30! አርክቴክቷ ስትሰማ ምን እንዳለችኝ ባልነግራችሁ ይሻላል። እውነቷን ነው ግን። የክፍሎቹ በሮች 2.10 ናቸው፤ ከበላያቸው 25 ሴንቲ ሜትር የብርሃን መስታወት አላቸው፣ ጫፉ 2.35። በ2.30 ኮርኒስ ብናልፍ መስታወቱን በኮርኒስ እንሸፍነዋለን። የመውጫ ምልክቱ ደግሞ ከኮርኒስ ተንጠልጥሎ ወደ ሰው ግንባር ይወርዳል። አልጋ በሚገፋበት ኮሪደር ላይ የሴረም ማንጠልጠያውንም አስቡት።

ታዲያ ከደረደርነው ውስጥ ማነው የሚቀነሰው? ቢሙን መብሳት? አንድ ባልደረባችን ይህን አቅርቦ ነበር። ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ 65 በ40 የሚያህል ቀዳዳ በ60 ቢም ውስጥ ማለት ቢሙን መቁረጥ ነው፤ ሶሌታውን ትተህ ከሥሩ የቀረው 45 ብቻ ነው። ስቲራፑም ዋናው ብረትም ይሄዳል። ሳይፈስ በፊት ታስቦ፣ በስትራክቸር መሐንዲሱ ተሰልቶ፣ ዙሪያው ብረት ተጨምሮበት ትንሽ ቀዳዳ ቢሆን ሌላ ጉዳይ ነበር። ይህንን በአንድ ቃል ዘጋነው።

ዳክቱ በቢሞቹ መካከል ወደ ላይ ይውጣ፣ ቢም ሲደርስ ይውረድ? ይቻላል፤ ግን በየቢሙ አራት ክርን ማለት ነው፣ ፋኑ በየክርኑ ጉልበት ይከፍላል። ደግሞስ ጥቅሙ ምንድን ነው? ኮርኒሱን የሚወስነው ዝቅተኛው ቦታ ነው፤ እሱ ቢሙ ሥር ነው፤ እዚያ ዳክቱ ያው ነው።

የቀረው ዳክቱን መጠፍጠፍ ነው። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ! 60ን በ35 ብናባዛ ስፋቱ 2,100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። «እንግዲያው 84 በ25 እኩል ይሆናል» የሚል አለ። እኩል አይሆንም። ጠፍጣፋ ዳክት ለተመሳሳይ አየር የበለጠ ግድግዳ አለው፣ አየሩ የሚታከከውም በግድግዳው ነው። የምናስተካክለው ስፋቱን ሳይሆን መታከኩን ነው። ለዚህ የሜካኒካል ሰዎች የሚጠቀሙበት የእኩያ ዲያሜትር ቀመር አለ፤ a እና b የዳክቱ ጎኖች ናቸው፦

```
De = 1.30 × (a × b)^0.625 / (a + b)^0.25
```

60 በ35 ሲገባበት ወደ 50 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ክብ ቱቦ ይሆናል። 90 በ25 ሲገባበትም ያው ወደ 50 ይጠጋል። ስለዚህ 90 በ25። ፋኑ ልዩነቱን አያውቀውም ማለት ይቻላል። አንድ ሰው «ለምን 120 በ20 አናደርገውም፣ ሌላ 5 ሴንቲ ሜትር እናተርፋለን» አለ። የሜካኒካል ዲዛይነራችን እንቢ አለ፤ ልክ ነው። ረጅሙ ጎን ከአጭሩ ከአራት እጥፍ እንዳይበልጥ ይመከራል። 90 በ25 ሦስት ተኩል እጥፍ ገደማ ነው፤ 120 በ20 ስድስት እጥፍ ነው። ያን ያህል የተንጣለለ ላሜራ ፋኑ በተነሣ ቁጥር እንደ ከበሮ ይመታል፤ በሽተኛ በተኛበት ቤት!

አሁን እንደገና ደርድሩ። ከ2.85 ላይ ዳክቱ ከነሽፋኑ 30፣ 2.55። ብረቱ 4፣ 2.51። ኮርኒስ 11፣ 2.40። የበሩ መስታወት 2.35 ላይ ያልቃል፤ ለግድግዳው ጠርዝ 5 ሴንቲ ሜትር ተረፈ። ጠባብ ነው፣ ግን ይሆናል።

እዚህ ላይ ስለ ከፍታ አንድ ነገር ጣል ላድርግ፤ ኮርኒስ አይደለም፣ የጅማን ከፍታ ነው የምለው። ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ነን። አየራችን ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀላል። «እንግዲያው መታከኩም ይቀንሳል፣ ዳክቱን እናሳንሰው» የሚል ብልጥ አይጠፋም። መታከኩ መቀነሱ እውነት ነው፤ ቀላል አየር ግን የሚሸከመው ሙቀትም ያነሰ ነው። ያንን ትርፍ ለፋኑ መጠባበቂያ እንዲሆን ተውነው።

ዳክቱ ብቻውን አይደለም። ከኮርኒስ በላይ ማን ቅድሚያ አለው? በእኔ ሳይት ተዳፋት ያለው ነው የሚቀድመው። ከላይኛው ፎቅ ሽንት ቤት የሚመጣው 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ በ1 በመቶ ቢወርድ በ12 ሜትር ውስጥ 12 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፤ «ትንሽ ቀና በል» አይባልም፣ ቆሻሻ ወደ ላይ አይፈስም። ቀጥሎ ትልቁ ዳክት፣ ከዚያ የኬብል ትሬይ፣ መጨረሻ ላይ የመጠጥ ውኃና ትንንሽ ቱቦ፤ እነሱ መጠምዘዝ ይችላሉ። በእኛ ኮሪደር የሽንት ቤቱ ቱቦ በሁለት ቢሞች መካከል፣ ከሶሌታው ሥር ተጠግቶ ያቋርጣል፤ ከዳክቱ ጀርባ በላይ ሰፊ ቦታ አለው። ተመስገን።

ትሬዩ ግን አስቸገረ። ከዳክቱ ወደ ክፍሎች የሚወጡት ቅርንጫፎች ከትሬዩ ጋር አንድ ከፍታ ላይ ይጋጫሉ። የዳንነው በጅማ አየር ነው ማለት እችላለሁ። አየር የሚገፋላቸው ላቦራቶሪዎችና የሕክምና ክፍሎች ሁሉም በስተቀኝ ናቸው። በግራ ያሉት ቢሮዎች መስኮት ከፍተው ይኖራሉ፤ ለዚህ ከተማ መስኮት ይበቃል። ስለዚህ ቅርንጫፎቹ ሁሉ ወደ ቀኝ፣ ትሬዩ ከግራው ግድግዳ ጋር። በመካከላቸው ሰው እጁንና ትከሻውን የሚያስገባበት ቦታ ቀረ።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ ከመሄዴ በፊት አንድ ታሪክ ላውጋችሁ። ከዓመታት በፊት በሌላ ከተማ፣ በሌላ ሕንፃ ላይ ይህንኑ የመሰለ ጥያቄ ቀርቦ ነበር። የዚያ ሳይት አማካሪ የሰጠው መልስ አንድ መስመር ነው፦ «በሳይት ላይ ተናብባችሁ አስተካክሉ።» ማን ቀድሞ ገባ? ኤሌክትሪሻኑ። ትሬዩን በጣም ምቹ በሆነው ቦታ፣ መሐል ላይ፣ ከቢሙ ጋር አጣብቆ ሰቀለ። የውኃው ሰው ሁለተኛ ገባ። ዳክቱ መጨረሻ ሲመጣ ቦታ የለም፤ ከሁሉም ሥር ገባ። ኮርኒሱ ከበሩ ጉበን ጥቂት ከፍ ብሎ ዋለ። ከበሮቹ በላይ ያሉት መስታወቶች ወጥተው ቀዳዳው በብሎኬት ተደፈነ። ሁሉም «ተናብበናል» ይላሉ! ደግሞም ማንም የተጻፈ ትእዛዝ አልጣሰም።

እና መልሱን እንዴት ጻፍነው? ልክ እንደተላከው ላንብብላችሁ።

«ጥያቄያችሁ በኮርኒስ ፕላኑና በሴክሽኑ መካከል ስላለው የከፍታ ልዩነት መሆኑን ተረድተናል፤ ልዩነቱ መኖሩ ትክክል ነው። መልስ፦ ከአክሲስ 2 እስከ አክሲስ 6 የኮሪደሩ ኮርኒስ የታችኛው ገጽ ከተጠናቀቀ ወለል 2.40 ሜትር ይሆናል። ከአክሲስ 6 እስከ 8 ዳክት ስለሌለ በኮርኒስ ፕላኑ ላይ ያለው 2.70 ይጸናል፤ በአክሲስ 6 ላይ ደረጃው በቁም ጂብሰም ይዘጋል። ዋናው ዳክት ከ60 በ35 ወደ 90 በ25 ይለወጣል፤ የላሜራው ታችኛ ገጽ ከተጠናቀቀ ወለል 2.575 ላይ ይውላል። ቅርንጫፎች ወደ ቀኝ፣ የኬብል ትሬይ ወደ ግራ፣ በተያያዘው ስኬች መሠረት። በሴክሽኑ ላይ ያለው 2.50 ተሰርዟል። በደብዳቤያችሁ የተጠቀሰው 3.00 ሜትር ከጥሬ ኮንክሪት የተለካ በመሆኑ ለዚህ ሥራ አያገለግልም። ዳክት ከመመረቱ በፊት የእያንዳንዱን ቢም ሆድ ከ1 ሜትሩ መስመር ለክታችሁ ሰንጠረዡን ላኩልን፤ ከ2.88 በታች የሆነ ቢም ካለ ሳታመርቱ አሳውቁን።»

ልብ በሉ። በመልሱ ውስጥ «ገደማ» የሚል ቃል የለም። እያንዳንዱ ቁጥር መነሻው አብሮት አለ። የኮርኒሱ የትኛው ገጽ፣ የዳክቱ የትኛው ገጽ፣ ላሜራው ነው ወይስ ሽፋኑ፣ ሁሉም ተነግሯል። የተሰረዘው ሥዕል በስሙ ተሰርዟል፤ አለበለዚያ ከወራት በኋላ አዲስ ፎርማን አሮጌውን ሴክሽን ዘርግቶ 2.50 ይላል። ያች የ2.88 መስመር ደግሞ ከ5 ሴንቲ ሜትሩ መፈናፈኛ ውስጥ ስንቱን ለቢሙ መርገድ እንደፈቀድን የምትናገር ናት፤ ሁለቱን ሴንቲ ሜትር።

ለምን «ሳታመርቱ» አልን? ይህ ዳክት አዲስ አበባ ተቆርጦ፣ ተጣጥፎ ነው የሚመጣው። 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጭኖ መጥቶ አልገባም ካለ ማን ይመልሰዋል? እዚህ ላይ የተቋራጩን ጋሼ ፎርማን ሳላመሰግን አላልፍም። ሰንጠረዡ ብቻ አላረካውም። ከሴራሚክ ካርቶን 95 በ30 የሆነ፣ አንድ ሜትር የሚረዝም የውሸት ዳክት ሠራ፤ ሽፋኑን ጨምሮ ማለት ነው። ሁለት ልጆች በባሕር ዛፍ እንጨት አንሥተው ከቢም ቢም ይዘውት ሄዱ። አንዱ ቢም ሥር ካርቶኑ ጥግ ላይ ተጨራመተ። ሲታይ፣ ፎርምወርኩ ሲፈታ ያልተነሣ የኮንክሪት ጉብታ ነው። በመሮ ጠረቡት። ይህን የትኛው ሥዕል ያሳያል?

የመጨረሻው፣ ሁላችሁም የምትጠብቁት፦ ማን ይከፍላል? ውላችን እ.ኤ.አ. የ1999ኙ ፊዲክ ነው። አንቀጽ 1.5 በሰነዶች መካከል አለመጣጣም ከተገኘ መሐንዲሱ ማብራሪያ ወይም ትእዛዝ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። የሰነዶች ቅደም ተከተልም እዚያው አለ፤ ግን የኮርኒስ ፕላንም ሴክሽንም ሁለቱም «ሥዕሎች» ናቸው፣ አንድ ደረጃ ላይ። ቅደም ተከተሉ አላዳነንም። አንቀጽ 1.9 ደግሞ ተቋራጩ ሥዕል ወይም ትእዛዝ ዘግይቶበት ሥራው እንዳይጓተት ማስታወቂያ እንዲሰጥ መንገድ ይከፍትለታል። ስለዚህ ተቋራጮች፣ በጥያቄያችሁ ላይ «እስከዚህ ቀን መልስ ካላገኘን ይህ ሥራ ይቆማል» ብላችሁ ጻፉ። አማካሪዎች፣ ያችን ቀን አክብሩ።

ክፍያውን በተመለከተ፣ ዳክቱ ሲጠፈጠፍ ዙሪያው ከ1.90 ወደ 2.30 ሜትር አድጓል። ላሜራውና ሽፋኑ በአንድ አምስተኛ ያህል ጨመረ። ይህ የተቋራጩ ጥፋት አይደለም፤ በለውጥ ሥራ ተለክቶ ይከፈለዋል። በመልሱ መጨረሻ ላይም እንዲህ ጻፍን፦ «የዳክቱ ለውጥ የመጠን ጭማሪ አለው፤ ዋጋችሁን አቅርቡ። የኮርኒሱ ከፍታ ለውጥ ግን በካሬ ሜትር ስለሚለካ ከአክሲስ 6 የቁም ጂብሰም በስተቀር ጭማሪ የለውም።» ተቋራጩ ረዘም ላለ ማንጠልጠያ ሽቦም ጠይቆ ነበር። እሱን አልሰጠነውም፤ በነጠላ ዋጋው ውስጥ ያለ ነው። እስካሁን እየተከራከርን ነው፤ እነሆ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ይስቃል!

ስኬቹን ማየት ለምትፈልጉ ከበሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ቀጥሉ፤ ከእሱ በስተቀር።